«ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!»

ፕራክቲከም በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አምስተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ሞላሁት፤ ሁለት ምሳሌ ሠራሁና ዞር ብዬ «ገብቷችኋል?» አልኩ። ሃምሳ ሁለት ልጆች በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አሉ። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። በሳምንቱ ከ10 የሚያዝ ፈተና ሰጠሁ። ማታ ወረቀቱን ሳርም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ከ5 በታች ነበሩ። ውጤቱን ሮስተር ላይ ሞላሁ፤ ወረቀቱን መለስኩ፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

አማካሪ መምህሬ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ ሴት ናቸው። ሮስተሩን አገላብጠው አዩና አንድ ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ 4 ያገኘው ልጅ ምኑ እንዳልገባው ታውቂያለሽ ልጄ?» አሉኝ። አላወቅኩም። እኔ የማውቀው 4 ማግኘቱን ብቻ ነበር።

ከወር በኋላ ኮሌጃችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ርዕስ ሰጥቶ ለእጩ መምህራን ጓደኞቻችን ስላይድ አዘጋጅተን እንድናቀርብ አዘዘ። ለእኔ የደረሰኝ «ፎርማቲቭና ሰማቲቭ ምዘና» ነበር። ትርጉሙን ከሞጁል ገልብጬ ማቅረብ እችል ነበር፤ ግን የአማካሪዬ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ስምንቱንም ስላይዶች በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ሠራኋቸው። እዚህ የማቀርበው እነዚያን ስላይዶች ከነመልመጃዎቻቸው ነው። መምህር ያልሆነ አንባቢም ልጁ ይዞት የሚመጣው የፈተና ወረቀት ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ ያይበታል።

ስላይድ 1፦ ወጡ ገና እሳት ላይ ነው

በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ጽሑፍ የለም። ሥዕል ብቻ ነው፦ አንዲት ሴት ከድስቱ በማማሰያ ጥቂት ወጥ አንስታ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስትቀምስ። ሥዕሉን እንዳሳየሁ ጓደኞቼን ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሁለት ደቂቃ እንዲነጋገሩ ጠየቅኩ። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ። ሴትዮዋ የምትቀምሰው ለምንድን ነው? ያንኑ ወጥ እንግዶቹ ገበታ ላይ ሲቀምሱትስ ምን ይለያል?

ምሳሌውን የወሰድኩት ሮበርት ስቴክ ከተባለው አሜሪካዊ የምዘና ምሁር ነው። እሱ የተናገረው ስለ ሾርባ ነበር፦ አብሳዩ ሲቀምሰው ፎርማቲቭ፣ እንግዳው ሲቀምሰው ሰማቲቭ። እኔ ሾርባውን በወጥ ተካሁት። ጓደኞቼ ወዲያው ያዙት። ወጡም አንድ ነው፤ ምላስም ምላስ ነው። ልዩነቱ ከቅምሻው በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ሴትዮዋ ጨው ካነሰው ትጨምራለች፤ ከቀጠነ እሳቱ ላይ ታቆየዋለች። እንግዳው ግን ጣፈጠ አልጣፈጠ ብሎ ይፈርዳል፤ ወጡ ከዚያ ወዲያ አይለወጥም።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን «ቀምሳ ጨው ማነሱን አውቃ ዝም ብትልስ?» ሲል ጠየቀ። ከሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ ያነሳው እሱ ነው። ቀምሳ ዝም ያለች እንደሆነ መቅመሷ ለወጡ ምንም አልፈየደም። ልጁ እንዳልገባው አውቆ ትምህርቱን ያልለወጠ መምህርም እንደዚያው ነው።

ስላይድ 2፦ ሁለት ጥያቄዎች

ቃላቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያስቀመጣቸው ማይክል ስክሪቨን የተባለ ፈላስፋ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1967 ነበር። እሱ ያሰበው ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ ነው፦ ገና በመዘጋጀት ላይ ያለን ሥርዓተ ትምህርት ለማሻሻል መገምገም አንድ ነገር ነው፤ ያለቀውን መገምገም ሌላ። ብዙም ሳይቆይ ቤንጃሚን ብሉም ሐሳቡን ወደ መማሪያ ክፍል አምጥቶ ለተማሪዎች ምዘና ተጠቀመበት።

በአማርኛ ፎርማቲቩን የሂደት ምዘና፣ ሰማቲቩን የማጠቃለያ ምዘና እላቸዋለሁ። ስላይዱ ላይ ያሰፈርኩት ትርጉም ሁለት መስመር ብቻ ነው።

የሂደት ምዘና የሚመልሰው ጥያቄ፦ አሁን ምን ላድርግ?

የማጠቃለያ ምዘና የሚመልሰው ጥያቄ፦ የት ደረሰ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መምህሩም ተማሪውም ይጠይቃሉ። መምህሩ ነገ ምን ላስተምር፣ የትኛውን ልድገም ይላል፤ ተማሪው የትኛውን ልለማመድ ይላል። ሁለተኛውን የሚጠይቁት ደግሞ ወላጅ፣ ርዕሰ መምህር፣ ቀጣዩ ትምህርት ቤትና ቀጣሪ ናቸው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ችግር የሚመጣው አንደኛው በሌላው መልስ ሲተካ ነው።

ስላይድ 3፦ ካርዶቹን ለዩ

ጓደኞቼን በአራት በአራት አቧድኜ ለየቡድኑ ስድስት ካርድ ሰጠሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ሂደት»፣ «ማጠቃለያ» ወይም «ሁለቱም አይደለም» ብለው መለየት ነበረባቸው። አንባቢም መልሱን ከማየቱ በፊት ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ካርድ 1፦ መምህሩ ከ10 የሚያዝ ፈተና ሰጥቶ ሮስተር ሞላ።

ካርድ 2፦ መምህሯ ያንኑ ፈተና ሰጠች፤ ማርክ አልያዘችም፤ ብዙዎች የሳቱትን ጥያቄ ለይታ የነገውን ትምህርት በእሱ ጀመረች።

ካርድ 3፦ መምህሩ በየመቀመጫው እየዞረ የቤት ሥራ ደብተር ላይ ፈርሞ አለፈ።

ካርድ 4፦ መምህሯ እየዞረች ደብተር ስታይ ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተው አገኘች፤ ክፍሉን አስቁማ በሰሌዳ ላይ ደግማ አስረዳች።

ካርድ 5፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና።

ካርድ 6፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከታየ በኋላ 50 በመቶ ያላመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ።

አንደኛውና ሁለተኛው ካርድ ላይ ያለው ወረቀት አንድ ነው፤ ጥያቄዎቹም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ማጠቃለያ ሲሆን ሁለተኛው ሂደት ነው። ምዘናውን ፎርማቲቭ የሚያደርገው የወረቀቱ ዓይነት ወይም ርዝመት ሳይሆን የተገኘው መረጃ የዋለበት ሥራ ነው። ሦስተኛው ካርድ ብዙ አከራከረ። መልሱ «ሁለቱም አይደለም» ነው። ፊርማው የቤት ሥራው መሠራቱን እንጂ ልጁ ምን እንደገባው አይናገርም። አራተኛው ሂደት፣ አምስተኛው ማጠቃለያ ነው።

ስድስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ለተፈታኙ ማጠቃለያ ነው። ውጤቱን አይቶ የማካካሻ ትምህርት ለከፈተው ሥርዓት ግን የሂደት መረጃ ሆኖ አገልግሏል። የሚያሳዝነው መረጃው የደረሰው ልጁ 12 ዓመት ከተማረ በኋላ መሆኑ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ በአሥር ደቂቃ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበረበት።

ስላይድ 4፦ መቶ ማርክ ተቆራርሶ

በአገራችን በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጀመረ መምህር ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። በተግባር ግን ምን መልክ እንደያዘ ለማሳየት ከአንድ ሮስተር የገለበጥኩትን የማርክ ክፍፍል ስላይዱ ላይ አስቀመጥኩ፦ ቴስት 10፣ አሳይመንት 10፣ ክላስ ወርክ 10፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50፤ ድምር 100።

«ከእነዚህ ውስጥ ፎርማቲቩ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኞቹ ከፋይናል በፊት ያሉትን አራቱንም ጠሩ። እኔም ከአማካሪዬ ጥያቄ በፊት እንደዚያው ነበር የማስበው። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ጊዜ ተፈትኖ አምስቱም ጊዜ ውጤቱ ተመዝግቦ ብቻ የታለፈ ልጅ አምስት ትናንሽ የማጠቃለያ ፈተናዎች ወስዷል። ተከታታይ መሆኑ ሂደት አያደርገውም። ፍርዱን በአምስት ከፈልነው እንጂ ልጁን አላገዝነውም።

ይባስ ብሎ እያንዳንዷ ሥራ ማርክ ሲኖራት ልጁ ስህተቱን መደበቅ ይማራል። ክላስ ወርክ ከ10 የሚያዝ ከሆነ ያልገባው ልጅ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም፤ ከጎኑ ካለው ይገለብጣል። መምህሩ ሃምሳ ትክክለኛ ደብተር ያያል፤ ያወቁት ግን ምናልባት አሥር ናቸው። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ የክላስ ወርክ ውጤት ከፍ ብሎ ያንኑ ይዘት የያዘው የግል ፈተና ውጤት ወርዶ ከተገኘ፣ ክላስ ወርኩ የለካው መገልበጥን ነው።

ስላይድ 5፦ አንድ ጥያቄ፣ አራት ጣት

ወደ ክፍልፋዩ ልመለስ። «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ የማይረባው ልጆች ስለሚዋሹ አይደለም። ያልገባው ልጅ አለመግባቱን ራሱ ላያውቀው ይችላል። ያወቀውም ቢሆን በሃምሳ ሰው ፊት «እኔ አልገባኝም» አይልም። አንዱን አስነስቶ መጠየቅም እጁን ያወጣው ጎበዝ የሚያውቀውን እንጂ ክፍሉ የሚያውቀውን አይነግረንም።

ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመልሱት፣ የተሳሳተው መልስ ራሱ የሚናገር ጥያቄ ያስፈልጋል። በአማካሪዬ እርዳታ ያዘጋጀሁት ይህ ነው።

ከ3/5 የሚበልጠው የትኛው ነው?
ሀ) 3/8
ለ) 6/10
ሐ) 3/4
መ) 1/3

ትክክለኛው ሐ ነው። ሌሎቹን ምርጫዎች ግን እንዲሁ ለመሙያ አላስገባኋቸውም። ሀን የሚመርጥ ልጅ 8 ከ5 ስለሚበልጥ 3/8ም ይበልጣል ይላል፤ ታህቱን እንደ ተራ ቁጥር ነው የሚያየው። ለን የሚመርጠው ላዕሉም ታህቱም ትልቅ ሆነው ስላገኛቸው ነው፤ 6/10 እና 3/5 እኩል መሆናቸው አልታየውም። መን የሚመርጠው ልጅ ደግሞ «ታህቱ ያነሰ ይበልጣል» የምትለዋን ሕግ ሸምድዷል፤ ላዕሉን ግን ረስቶታል። አራት ምርጫ፣ አራት የተለያየ አእምሮ።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና አንድ ደቂቃ ዝም አልኩ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያድግ የልጆች መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ስሌት ለሚፈልግ እንዲህ ላለ ጥያቄ ደግሞ ሦስት ሰከንድም አይበቃም። ከዚያ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው፦ ለሀ አንድ ጣት፣ ለለ ሁለት፣ ለሐ ሦስት፣ ለመ አራት። ዓይን የሚጨፈነው ከጎበዙ እንዳይገለብጡ ነው። አማካሪዬ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው ቆጠሩልኝ።

ከ52 ልጆች ሀን 17፣ ለን 12፣ ሐን 14፣ መን 9 መረጡ። ከጥቂት ቀን በፊት «አዎ ቲቸር» ያሉኝ እነዚሁ 52 ናቸው።

አሁን ጨው የሚጨመርበት ሰዓት ነው። ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብዬ ብደግመው አይጠቅምም፤ ስህተታቸው ስለ ክፍልፋይ መጠን ያላቸው ሐሳብ ነውና መጠኑን ማየት አለባቸው። እያንዳንዱ ጥንድ ከአሮጌ ደብተር 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ቆረጠ። አንዱን በማስመሪያ በ5 ሲከፍሉት እያንዳንዱ ክፍል 4 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ስለዚህ 3/5 ማለት 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛውን በ4 ሲከፍሉት አንዱ ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር፣ 3/4 ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በ8 ሲከፍሉት 3/8 ከ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል አላለፈም። በ10 ሲከፍሉት 6/10 ልክ 12 ሳንቲ ሜትር ላይ አረፈ፤ ከ3/5 ጋር ጎን ለጎን ሲያደርጉት ከፊት ረድፍ ያለች አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አንድ ናቸው እኮ!» ብላ ጮኸች። 1/3ን በማስመሪያ ማውጣት ስለሚያስቸግር ወረቀቱን በሦስት አጠፉት። ሲሶ ከእኩሌታ እንደሚያንስ ከገበሬ ቤት የመጡት ያውቁታል፤ 3/5 ደግሞ ከእኩሌታ ይበልጣል።

በዚያው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ መንትያ ጥያቄ ሰጠሁ፦ ከ2/5 የሚበልጠው 2/7፣ 4/10፣ 2/3 ወይስ 1/4? አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ብቻ ተለውጠዋል። 38ቱ ትክክለኛውን 2/3 መረጡ። ከቀሩት 14 ውስጥ 6ቱ 4/10፣ 5ቱ 1/4፣ 3ቱ 2/7 ነበሩ። በማግስቱ ሌሎቹ መልመጃ ሲሠሩ 14ቱን ፊት ለፊት ሁለት ዴስክ ላይ ሰብስቤ ቁራጮቹን እንደገና አስያዝኳቸው።

ጓደኞቼን እዚህ ላይ ያስጠነቀቅኳቸው አንድ ነገር አለ። ትክክለኛ መልስም ያታልላል። ገና ከመጀመሪያው ሐን ከመረጡት ልጆች አንዱን «ለምን 3/4 አልክ?» ብዬው ነበር። «ከ4 ላይ 3 ሲነሳ 1 ይቀራል፤ ከ5 ላይ 3 ሲነሳ 2 ይቀራል፤ የቀረው ትንሽ የሆነው ይበልጣል» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ይጥለዋል። 1/2ን እና 5/8ን ስሰጠው 1/2 ይበልጣል አለ፤ ምክንያቱም ከ2 ላይ 1 ሲነሳ የሚቀረው 1፣ ከ8 ላይ 5 ሲነሳ የሚቀረው 3 ነው። ግማሽ ግን 4/8 ስለሆነ ከ5/8 ያንሳል። ጣት ከተቆጠረ በኋላ ትክክል ከመለሱት ሁለት ሦስቱን «ለምን?» ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ ስላይድ መልመጃ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። እያንዳንዱ ጥንድ በሚያስተምረው ትምህርት አንድ ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ያዘጋጃል፤ ከየስህተት ምርጫው አጠገብ «ይህን የሚመርጥ ልጅ የሚያስበው...» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ያቃተው ምርጫ ይሰረዛል። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ከአራቱ ሁለቱን ሰረዙ። መሰረዛቸው ራሱ ትምህርት ነበር።

ስላይድ 6፦ ቀይ እስክርቢቶ

ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት በእስራኤል በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። ልጆቹ በሦስት ተከፍለው የተወሰኑት በሥራቸው ላይ ማርክ ብቻ፣ የተወሰኑት አስተያየት ብቻ፣ የቀሩት ማርክና አስተያየት አንድ ላይ ተሰጣቸው። በቀጣዩ ሥራቸው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት አልተሻሉም። ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ይህ አይገርመውም። ወረቀት ሲመለስ ልጅ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፤ ቀጥሎ የጓደኛውን ቁጥር ያያል፤ ከዚያ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

አስተያየት ሁሉ ደግሞ አስተያየት አይደለም። ስላይዱ ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ይላል። ሌላው «ታህቶቹን በትክክል አወዳድረሻል። አሁን 3/5ን እና 6/10ን በወረቀት ቁራጭ ለክተሽ ያገኘሽውን ጻፊ» ይላል። ሁለተኛው የሠራችውን ይነግራታል፤ የቀራትን ይጠቁማታል፤ ዛሬ ማታ ልትሠራው የምትችለውን ነገር ይሰጣታል።

ወዲያው ተቃውሞ መጣ፦ «ለ52 ልጅ እንዴት ተጽፎ ይዘለቃል?» ትክክል ነው፤ አይዘለቅም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ደብተሮቹን ሳይ በልጅ ስም ሳይሆን በስህተት ዓይነት እከምራቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክምር ይወጣል። በየደብተሩ ላይ አንድ ምልክት ብቻ አደርጋለሁ፦ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ኮከብ። በማግስቱ የየምልክቱን አስተያየት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጁ ምልክቱን አይቶ የራሱን ያነባል፤ አሥር ደቂቃም ለማስተካከያ ይሰጠዋል። ሃምሳ ሁለት አስተያየት አራት ሆነ። ማርክ መያዝ ግዴታ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ሮስተር ላይ አኑሬ፣ ወረቀቱ ላይ የማሰፍረው ልጁ አስተያየቱን አንብቦ ካረመ በኋላ ነው።

የዚህ መልመጃ ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ሠርቷል። ማርክ ሳትሰጡ፣ መልሱንም ሳትነግሩ ከሁለት ዓረፍተ ነገር ባልበለጠ ጻፉለት። ከጓደኞቼ አንዷ የጻፈችውን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ፦ «ግማሽ ዳቦ በልተህ ሲሶ ብትጨምርበት፣ የበላኸው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? 2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል?»

ስላይድ 7፦ ማጠቃለያም ሙያ ይፈልጋል

የሂደት ምዘናን ስናደንቅ ፈተናን የማጣጣል ስሜት እንዳያድርብን ሰጋሁ። ወላጅ ልጁ የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለው። ለዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ያለ እርዳታ መፈተን አለባቸው። ጥሩ የሂደት ምዘና ላይ መምህሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ በማጠቃለያ ፈተና ላይ ፍንጭ መስጠት ግን ሌላውን ልጅ መበደል ነው።

ጀማሪ መምህር በማጠቃለያ ፈተና ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ለማውጣት ከሚቀለው ይዘት ብዙ ጥያቄ ማውጣት ነው። መድኃኒቱ ጥያቄ ከመጻፍ በፊት የምትዘጋጅ ትንሽ ሠንጠረዥ ናት። የክፍልፋይ ምዕራፋችን 12 ክፍለ ጊዜ ወሰደ እንበል፦ ማወዳደር 3፣ መደመርና መቀነስ 6፣ የቃላት ፕሮብሌም 3። ፈተናው 20 ጥያቄ ካለው ክፍፍሉ 5፣ 10 እና 5 ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያው ፈተና በዚህ ሲመዘን ከ10 ጥያቄ 8ቱ መደመር ነበሩ፤ የቃላት ፕሮብሌም አንድም አልነበረውም።

ጊዜን በተመለከተም እውነቱን ተናግሬያለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ የወረቀት ቁራጩ ሥራ ሙሉውን በላው። ከዓመታዊ ዕቅዴ አንድ ክፍለ ጊዜ ወደኋላ ቀረሁ፤ ያካካስኩትም ለክለሳ ከተያዘው ሰዓት ቆርጬ ነው። ስለዚህ የጣት ጥያቄ በየቀኑ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ቀጣዩ ትምህርት ሁሉ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ ነው። ክፍልፋይ ማወዳደር ያልገባው ልጅ መደመር አይገባውም፤ እዚያ ላይ ቆሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስላይድ 8፦ የመውጫ ወረቀት

የመጨረሻው ስላይድ ላይ «ጥያቄ አለ?» የሚል የለም። የደብተር ወረቀት ሩብ እያደልኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ «አንድ መምህር በየሳምንቱ ከ5 የሚያዝ ኩዊዝ እየሰጠ ሮስተር ይሞላል። ይህ ምን ዓይነት ምዘና ነው? ለምን?» ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን በር ላይ ሰጥቶ መውጣት ነው።

ማታ 31 ወረቀት አነበብኩ። 20ዎቹ ማጠቃለያ ነው ብለው ምክንያቱን ጽፈዋል። 11ዱ ግን «በየሳምንቱ ስለሚሰጥ ፎርማቲቭ ነው» ብለዋል። አራተኛው ስላይዴ አልሠራም ማለት ነው። ነገሩን ተናግሬዋለሁ እንጂ አላሳየሁትም። ስለዚህ ስላይዱን ቀየርኩት፦ ሁለት መምህራን፣ አንድ ዓይነት ሳምንታዊ ኩዊዝ፣ አንዱ ከኩዊዙ በኋላ ዕቅዱን ሲቀጥል ሌላኛዋ ሰርዛ ስትጽፍ። በሚቀጥለው ሳምንት በተገናኘን ጊዜ ከዚያ ጀመርን።

ያንን ከ10 የሚያዘውን የመጀመሪያውን ፈተናም እንደገና አውጥቼ አየሁት። 4 ያገኘውን ልጅ ወረቀት በስህተት ዓይነት ሳነበው፣ የሳታቸው ስድስቱም ጥያቄዎች አንድ ቤት የሚገቡ ሆነው አገኘኋቸው፤ በሁሉም ላይ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል። አማካሪዬ ጋ ሄጄ «ምኑ እንዳልገባው አወቅኩ» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ። «3/5 ለእሱ አንድ ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ቁጥር ነው» አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ ነገ ከዚያ ጀምሪለት» አሉኝ።